0817 ማለት ሚያዝያ 2017 አይደለም፦ የጎማ ፎቶ ላይ ያለውን ጽሁፍ እንዴት እናንብብ

ጥያቄ፦ «አባዱላ ሚኒባስ አለኝ፣ የኋላ ሁለት ጎማ ልቀይር ነው። ሻጩ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ፣ 195/80R15 96S ይላል፣ ከስሩ ራዲያል ቱብለስ የሚል አለ፣ መጨረሻ ላይ 0817 ይላል። ሻጩ ሳይዙ ካንተ ጋር አንድ ነው፣ ብራንዱ ራዲያል ነው፣ 0817 ደግሞ ስምንተኛ ወር 2017 ነው፣ ሚያዝያ የተመረተ አዲስ ጎማ ነው አለኝ። አሁን ያለው ጎማዬ ላይ 195R15C 106/104R ነው የሚለው። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?»

ምላሽ፦

አትግዛው። ጎማው አዲስ አይደለም፣ ለሚኒባስም የተሰራ አይደለም፣ ብራንዱም ራዲያል አይደለም። ሻጩ ሆን ብሎ ዋሽቶሃል ማለቴ ግን አይደለም፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ጎማ የሚሸጥ ብዙ ሰው ራሱ እንደዚህ ነው የሚያነበው፣ ችግሩም እሱ ነው፣ ምክንያቱም በቅንነት የተነገረ ስህተት ገዢው ላይ ጥርጣሬ አያሳድርም።

ከቀኑ ልጀምር፣ ትልቁ ስህተት እሱ ላይ ስለሆነ። ጎማው ጎን ላይ DOT ብሎ በሚጀምረው በዶት ጽሁፉ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ወርና ዓመት አይደሉም፣ ሳምንትና ዓመት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከዓመቱ ስንተኛው ሳምንት እንደሆነ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፣ ዓመቱ ደግሞ በፈረንጆቹ ነው። ጎማው የትም አገር ይመረት፣ ለየትም አገር ይላክ፣ በኛ አቆጣጠር ቀን የሚጻፍበት ጎማ የለም። ስለዚህ 0817 ማለት የፈረንጆቹ 2017 ስምንተኛ ሳምንት ነው፣ ያ ማለት ፌብሩዋሪ መጨረሻ አካባቢ፣ በኛ ደግሞ የካቲት 2009 ነው። አሁን 2018 ላይ ነን፣ ጎማው ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሆኖታል ማለት ነው። ሻጩ የነገረህን ቀንና እውነተኛውን ቀን ብታስተያያቸው ከስምንት ዓመት በላይ ልዩነት አለው። እንግዲህ አስበው፣ ስምንተኛ ወራችን ሚያዝያ መሆኑ፣ 17 ደግሞ ባለፈው ዓመታችን ላይ መውደቁ ሁለቱ ተገጣጥመው ነው አሮጌውን ጎማ አዲስ ያስመሰሉት። እውነት ሚያዝያ 2017 የተመረተ ጎማ ቢሆን ኖሮ ከ1525 እስከ 1925 ባለው ውስጥ ነበር የሚጻፍበት፣ መጨረሻው 25 ነው የሚሆነው።

በጭንቅላትህ ለመቀየር ቀላል መንገድ አለው። ሳምንቱ ከ01 እስከ 36 ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ቀንስ፣ ከ37 ጀምሮ ከሆነ ደግሞ አዲስ ዓመታችን ገብቷል ማለት ነውና 7 ቀንስ። ለምሳሌ 4022 ቢልህ የፈረንጆቹ 2022 አርባኛ ሳምንት ነው፣ ከ37 ስለሚበልጥ 7 ትቀንሳለህ፣ 2015 መስከረም መጨረሻ አካባቢ ይመጣልሃል። ሌላው ማጣሪያ፣ ዓመት ውስጥ ከ53 በላይ ሳምንት ስለሌለ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ከ53 ከበለጡ ወይ ፎቶውን ገልብጠህ ነው ያነበብከው፣ ወይ ደግሞ ሌላ ቁጥር ነው ያየኸው። በዶቱ መስመር መጨረሻ ላይ በአራት ፈንታ ሶስት ቁጥር ብቻ ካገኘህ ጎማው ከፈረንጆቹ 2000 በፊት የተሰራ ነው፣ እሱን እንኳን ለሚኒባስ ለጋሪም አልመክርም።

እዚህ ላይ አንድ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ጎማው ጎን ላይ ሌሎች ብዙ ቁጥሮች አሉ፣ የቅርጽ ማውጫው ቁጥር አለ፣ ክብ ውስጥ ከተጻፈው ኢ አጠገብ ረጅም የፈቃድ ቁጥር አለ፣ የክብደትና የንፋስ ቁጥሮች አሉ። አራት አሃዝ ያለው ሁሉ የምርት ቀን አይደለም። ቀን ነው የሚባለው ዶት ከሚለው ጀምሮ በአንድ መስመር ከሚሄዱት ፊደሎችና ቁጥሮች መጨረሻ ላይ ያለው ብቻ ነው። ብዙ ጊዜም እንደ እንቁላል ረዘም ባለ ክብ ፍሬም ውስጥ ታገኘዋለህ፣ ምክንያቱም ፋብሪካው በየሳምንቱ የሚቀይረው እሷን ትንሽ የብረት ቁራጭ ብቻ ስለሆነ ዙሪያዋ ምልክት ይተዋል። ያ ፍሬም ጠቃሚ ነው፣ ቁጥሩ ተፍቆ ሌላ ሲጻፍበት ፍሬሙ ይበላሻል ወይም ቦታው ከሌላው ጎማ ይበልጥ ይለሰልሳል፣ ቁጥሮቹም ከጎረቤት ፊደሎች ይልቅ ጠልቀው ወይ ቀጥነው ይታያሉ። እንደዛ ካየህ ስለ ዋጋ አትከራከር፣ ተወው።

ሙሉው የዶት ጽሁፍ ከነቀኑ ብዙ ጊዜ በጎማው በአንዱ ጎን ብቻ ነው ያለው። በሌላኛው ጎን ዶት ይልና ግማሹ ላይ ያቆማል፣ ቀን የለውም። ስለዚህ ሻጭ ፎቶ ልኮልህ ቀኑ ካልታየ «ቀን የለውም» ሲልህ አትቀበል፣ ገልብጦ ሌላኛውን ጎን እንዲያነሳልህ ጠይቀው። በሁለቱም ጎን ከሌለ ግን ያ ጎማ ቀኑ ሆን ተብሎ ጠፍቷል ብለህ ያዝ።

አሁን «መደርደሪያ ላይ ነው የቆየው፣ መሬት አልነካም፣ ጥርሱ ሙሉ ነው» ይልሃል። ጥርሱ ሙሉ መሆኑን አምነዋለሁ፣ እሱ ግን ስለ እድሜ ምንም አይነግርህም። ጎማ የሚያረጀው በመንዳት ብቻ አይደለም፣ ላስቲኩ አየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር እየተገናኘ ይደርቃል፣ እንዳይደርቅ ተብሎ የተቀላቀለበት ኬሚካልም በጊዜ ብዛት ያልቃል፣ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ውስጥ ያሉትን የብረት ሽቦዎች ከላስቲኩ ጋር የያዘው ማጣበቂያ እየደከመ ይሄዳል። ይሄ የመጨረሻው ከውጭ አይታይም። ጥላ ውስጥ በደንብ የተቀመጠ ጎማ ፀሐይ ላይ ከተሰቀለው ቀስ ብሎ ያረጃል፣ ልክ ነው፣ ግን አይቆምም፣ ፎቶ አይቶ ደግሞ የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ብዙ የመኪና አምራቾች ከስድስት ዓመት በኋላ ጥርሱ ቢኖርም ጎማው እንዲቀየር ወይ በደንብ እንዲታይ ይመክራሉ፣ እንደ ሚሽሊን ያሉ ጎማ አምራቾች ደግሞ ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ ከተመረተ አስር ዓመት ከሞላው ግን ምንም ቢመስል ይውጣ ይላሉ። አንተ ልትገዛው ያሰብከው ጎማ ስራ ሳይጀምር ነው እዚህ ጫፍ ላይ የደረሰው።

በፈረንጆቹ መስከረም 2012 እንግሊዝ አገር ከሙዚቃ ዝግጅት ሰው ጭኖ ሲመለስ የነበረ አውቶቡስ የፊት ጎማው ፈንድቶ ከመንገድ ወጣ፣ ሶስት ሰው ሞተ፣ ጎማው ሲታይ ከ19 ዓመት በላይ ሆኖት ተገኘ። የሟች ወላጆች ለዓመታት ተከራክረው ከፌብሩዋሪ 2021 ጀምሮ ከአስር ዓመት በላይ የሆነው ጎማ በአውቶቡስና በከባድ መኪና የፊት አክስል ላይ፣ በሚኒባስ ደግሞ ነጠላ ጎማ ባለበት ቦታ ሁሉ እንዳይገጠም ተከለከለ። ሚኒባስን ለብቻ የጠቀሱበት ምክንያት ግልጽ ነው፣ ጥንድ ጎማ ቢሆን አንዱ ሲፈነዳ ሌላው ለጊዜው ይይዛል፣ ያንተ አባዱላ ግን ከኋላም ነጠላ ነው፣ አንዱ ከሄደ የሚተካው የለም።

እንበልና ጎማው አዲስ ቢሆንስ? አሁንም አትግዛው እላለሁ፣ ምክንያቱም 96S የምትለዋ ጽሁፍ ከእድሜው ይበልጥ አስፈሪ ናት።

ሳይዙ አንድ ነው ያለህ ግማሽ እውነት ነው። 195 የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው፣ 80 ደግሞ የጎኑ ቁመት የወርዱ ሰማንያ ፐርሰንት ነው ማለት ነው፣ ወደ 156 ሚሊሜትር ይመጣል፣ 15 ቸርኬው በኢንች ነው። ያንተው 195R15C ላይ መጨረሻ ያለችው ሲ የጭነትና የቫን ጎማ መሆኑን ትናገራለች፣ የመሃሉ ቁጥር ግን አልተጻፈም፣ የድሮ አጻጻፍ ስለሆነ ነው፣ ካልተጻፈ ወደ 80 ምናምን ነው ተብሎ ይወሰዳል። ስለዚህ ሁለቱ ጎማዎች ቸርኬ ላይ ይገባሉ፣ ጎን ለጎን ብታቆማቸው ቁመታቸውም ይቀራረባል፣ ጎሚስታውም ያለ ምንም ችግር ይገጥምልሃል። መገጠምና መሸከም ግን ይለያያል። ሳይዝ የሚነግርህ ቸርኬው ላይ መግባቱን ነው፣ ስንት ኪሎ እንደሚችል የምታውቀው ከሱ ቀጥሎ ባለው ቁጥር ነው።

96 ኪሎ አይደለም፣ ኮድ ነው፣ በአለም ላይ አንድ አይነት ሰንጠረዥ አለው፣ 96 ማለት አንድ ጎማ 710 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ያንተ 106 ደግሞ 950 ኪሎ ነው። 104 የምትለዋ ሁለተኛዋ ጎማው በጥንድ ሲገጠም ለአንዱ የሚደርሰው ነው፣ 900 ኪሎ፣ ያንተ መኪና ጥንድ ስለሌለው የመጀመሪያዋን ብቻ ተመልከት። ሰው ቁጥሮቹን ሲያይ ከ96 እስከ 106 አስር ብቻ ነው ይላል፣ በኪሎ ግን 240 ነው፣ በአንድ ጎማ። መጨረሻ ላይ ያሉት ፊደሎች ፍጥነት ናቸው፣ ኤስ እስከ 180፣ አር እስከ 170 ኪሎሜትር በሰዓት፣ ለሚኒባስ ሁለቱም ይበቃሉ። መሃል ላይ 195 እና 15ን የሚለየው አር ግን ሌላ ነው፣ እሱ ራዲያል ማለት ነው፣ እነዚህን ሁለት አሮች አታምታታ።

በግርድፉ እናስላው። አባዱላ ባዶውን ሁለት ቶን ገደማ ነው፣ ሰው ሲሞላና ፖርቶመጋላው ላይ እቃ ሲጫን ሶስት ቶን ይደርሳል፣ ትክክለኛው ያንተ መኪና ጠቅላላ ክብደት ሊብሬው ላይ ስላለ ከዛ አረጋግጥ። ሲሞላ አብዛኛው ክብደት ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፣ ከአስሩ ስድስቱ እጅ ከኋላ ነው ብንል 1800 ኪሎ አካባቢ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል። ሁለት 106 ጎማ 1900 ይሸከማል፣ ያውም 100 ኪሎ ብቻ ነው የሚተርፈው፣ ትርፍ ሰው ሲጫን እሷም ታልቃለች። ሁለት 96 ጎማ ግን 1420 ነው የሚሸከመው። ገና ሳትነሳ 380 ኪሎ ከአቅሙ በላይ ጭነህበታል ማለት ነው፣ አምስት ሰው ከነሻንጣው በለው።

ከአቅም በላይ የተጫነ ጎማ ወዲያው አይፈነዳም፣ ሰው የሚዘናጋውም በዚህ ነው። ከተማ ውስጥ ከሜክሲኮ ሳሪስ ስትመላለስ ወራት ሊቆይልህ ይችላል። ጎኑ በየዙሩ ከሚገባው በላይ ይታጠፋል፣ መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፣ ከተማ ውስጥ ቶሎ ቶሎ ስለምትቆም ይቀዘቅዛል። አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ሳታቆም በሙሉ ጭነት ስትነዳው ግን፣ ወይ ወደ አዋሽ ወርደህ አስፋልቱ ራሱ ሲግል፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ያኔ ነው የብረት ሽቦው ከላስቲኩ የሚላቀቀው። በዘጠኝ ዓመት የደከመ ማጣበቂያ ላይ ይሄን ጨምርበት። ከመፈንዳቱ በፊት ምልክት የሚሰጥ ከሆነ መሪ ወይ ወንበር ላይ የሚሰማ አዲስ መንቀጥቀጥ ነው፣ ወይም ጥርሱ ላይ አንድ ቦታ ያበጠ ነገር ታያለህ፣ ያንን ካየህ እስከ ቀጣዩ ከተማ ልድረስ አትበል፣ እዛው አውርድና ስኮርቱን ግጠም።

የንፋሱም ነገር አብሮ ይመጣል። እንዲህ ባለ ጎማ ላይ በጥቃቅን ፊደል ከፍተኛ ጭነት 710 ኪሎ፣ ከፍተኛ ንፋስ 300 ኪሎፓስካል ወይም 44 ፒኤስአይ የሚል ጽሁፍ ታገኛለህ። ያንተ ሲ ያለው ጎማ ላይ ደግሞ 950 ኪሎ በ450 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 65 ፒኤስአይ ይላል። ጎሚስታው አባዱላ ሲያይ እጁ የለመደውን ነው የሚሞላው፣ ስለዚህ የ96ቱን ጎማ ጣሪያ አልፎ ይሞላልሃል፣ ካልሞላው ደግሞ ጭነቱ አጣጥፎ ይገድለዋል፣ በሁለቱም በኩል መውጫ የለህም። ይሄን ስል ግን ሌላ ስህተት እንዳትሰራ፣ ጎማው ላይ የተጻፈው ንፋስ የመጨረሻው ጣሪያ ነው እንጂ ይሄን ሙላ የሚል ትእዛዝ አይደለም። የምትሞላው የሹፌር በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ስቲከር የሚለውን ነው፣ ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ተለክቶ። መኪናው ቀለም ሲቀባ ስቲከሩ ተሸፍኖብህ ከሆነ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ፈልግ።

የክብደቱ ጽሁፍ ሌላም ጥቅም አለው፣ ምስክር ይሆንሃል። ፎቶው ደብዝዞ 96 ይሁን 98 ካልለየህ ወደ ኪሎው ሂድ፣ 710 ካለ 96 ነው፣ 750 ካለ 98 ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ወይ አንዱን አሳስተህ አንብበሃል፣ ወይ ፎቶዎቹ የሁለት የተለያየ ጎማ ናቸው።

ስለ ብራንዱ አጭር ልሁን። ራዲያል የውስጡ ክር የተዘረጋበት አይነት ነው፣ ቱብለስ ያለ ከመነዳሪ የሚሰራ ማለት ነው፣ ሁለቱም ዛሬ በሁሉም የቤት መኪናና ሚኒባስ ጎማ ላይ ማለት ይቻላል ተጽፈው ታገኛቸዋለህ። ብራንድ በጎማው ዙሪያ በትልቁ የተጻፈው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ትይዩ በሁለት ቦታ ይደገማል። ከሱ ቀጥሎ አነስ ብሎ የሚጻፈው የሞዴሉ ስም ነው፣ እሱን አትናቀው፣ ጎማው ለምን መኪና እንደታሰበ እሱ ይናገራል። ብሪጅስቶን ዱለር፣ ዮኮሃማ ጂኦላንዳር፣ ደንሎፕ ግራንድትሬክ ቢል ለፎርዊል አይነት መኪና ነው፣ ብሪጅስቶን ዱራቪስ ወይ ሚሽሊን አጊሊስ ቢል ለጭነትና ለቫን ነው። 195/80R15 96S ራሱ እንደ ሱዙኪ ጂምኒ ባለ ትንሽ ፎርዊል ላይ የሚገጠም ሳይዝ ነው፣ ጎማው ለራሱ መኪና ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ላንተ ግን አይሆንም። ክብ ውስጥ ኢ ብሎ ቁጥር ያለውን ደግሞ የጥራት ደረጃ ወይ የተመረተበት አገር የሚያደርጉት አሉ፣ አይደለም፣ ፈቃዱን የሰጠው አገር ቁጥር ነው፣ ኢ4 ሆላንድ ነው፣ ጎማው ግን ታይላንድ ወይ ቻይና የተመረተ ሊሆን ይችላል። የተመረተበት አገር ለብቻው ተጽፎ ይገኛል።

አሁን ፎቶው። አንተ የላክልኝ ፎቶ ላይ ብራንዱ ተቆርጧል፣ ፍላሹ ግማሹን ጽሁፍ አንጽቶታል፣ 0817 ራሱ እኔ 0811 ነው ብዬ ነበር መጀመሪያ፣ አስፍቼ ሳየው ነው ሰባቱ የታየኝ። ጥቁር ላይ ጥቁር ጽሁፍ ስለሆነ ካሜራ ብርሃን ከፊት ለፊት ሲመታው ይጠፋዋል። ሻጩ ፍላሹን ያጥፋና በሌላ ስልክ ባትሪ ከጎን በኩል፣ ጎማው ላይ ተኝቶ በሚያልፍ አይነት ያብራበት፣ ያኔ ፊደሎቹ ጥላ ይጥሉና ጎልተው ይወጣሉ። ካልሆነም ጎማውን በጨርቅ ጠርጎ ጠመኔ በጎኑ ጋደም አድርጎ ያሽበት፣ ከፍ ያለው ፊደል ብቻ ይነጣል። ፎቶውን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክልህ፣ አለበለዚያ ቴሌግራም ይጨምቀውና 3 እና 8፣ 6 እና 0 የሚመሳሰሉት ያኔ ነው። መጀመሪያ ጎማውን ሙሉ በሙሉ የሚያሳይ አንድ ፎቶ፣ ከዛ ሳይዙንና የክብደት ኮዱን በቅርበት፣ ከዛ የዶቱን መስመር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ፣ ከዛ ጥርሱን። ቪዲዮ ከሆነ ጎማውን ቀስ ብሎ እያዞረ ዙሩን ይጨርስ።

አንድ ነገር በጣም አደራ የምልህ፣ ለሁለት ጎማ ሁለት የተለያየ ፎቶ ጠይቅ። ሻጮች ቀኑ የተሻለውን አንዱን አንስተው ሁሉም እንደዚህ ናቸው ይላሉ። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በጠመኔ 1 እና 2 ብሎ ይጻፍና ቁጥሩ ከዶቱ ጋር በአንድ ፎቶ ውስጥ ይግባ። አንድ ደንበኛዬ በፎቶ አይቶ አራት ጎማ አዞ ሲደርሰው ሁለቱ በአምስት ዓመት የሚበላለጡ ሆነው አገኛቸው፣ ፎቶው የትኛው ጎማ እንደሆነ ማስረጃ ስላልነበረው ገንዘቡን ማስመለስ አልቻለም። ፎቶ የማይነግርህም አለ፣ የውስጥ ሽቦ መላቀቅን አያሳይም፣ ከውስጥ የተለጠፈ ቀዳዳ አያሳይም፣ የጎማ ቀለም የተቀባ ከሆነ ስንጥቁንም ይደብቃል። ስለዚህ ፎቶ አይሆንም የምትለውን ለማጣራት ነው የሚጠቅምህ፣ ለመክፈል ግን ጎማው ዘንድ መሄድ አለብህ፣ ሄደህም ከጥርሱ ጫፍና ከቸርኬው አጠገብ ላስቲኩን በአውራ ጣትህ ገፋ አድርገህ ስንጥቅ ይከፈት እንደሆነ እይ፣ በእጅህም ውስጡን ዳስሰው።

የምትፈልገው ይሄ ነው፦ 195R15C፣ ክብደቱ 106/104 ወይም ከዛ በላይ፣ የጎማውን ጥንካሬ የሚያሳየው 8PR ያለበት፣ የዶቱ መጨረሻ 24፣ 25 ወይም 26፣ ሁለቱም ጎማ አንድ ብራንድና አንድ ሞዴል፣ ቀናቸውም በወራት ብቻ የሚለያይ። አዳዲሶቹ ላይ 195/80R15 ብሎ 107/105 የሚል ብታገኝ እሱም ይሆናል፣ የ107 አቅም 975 ኪሎ ነው። ስልክ ስትደውል «አስራ አምስት ጎማ አለህ ወይ» ብለህ አትጠይቅ፣ 106 አለህ ወይ በል፣ የማያውቀው ሻጭ ጎማው ላይ ሄዶ እንዲያነብልህ አድርግ። ሁለት አዲስ ለመግዛት ገንዘቡ ካልሞላልህ የዚህን ጎማ ጥንድ ከምትገጥም አሁን ያለው ጎማህ ጥርሱና እድሜው ከፈቀደ ጭነት ቀንሰህ ትንሽ ጠብቅ፣ እሱ ቢያንስ 106 ነው።

ስትገዛም ጎሚስታው ቸርኬው ላይ ከማስገባቱ በፊት ዶቱን እንደገና ራስህ አንብበው፣ ከፎቶው ጋር አስተያየው፣ ከዛ ቀን ያለበትን ጎን ወደ ውጭ አድርጎ እንዲገጥምልህ ንገረው፣ ጎማው የማዞሪያ ቀስት ወይ የውጭ ጎን ምልክት ካለው ግን ምልክቱ ይቀድማል። ወደ ውጭ ከሆነ ከሶስት ዓመት በኋላ እድሜውን ለማየት መኪና ስር መግባት አይጠበቅብህም።